የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ኢንዶኔዥያ ሲደርስ

ወዳጄ የላከልኝ ደብዳቤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ አጭር፣ ቀጥተኛ፣ በራሱ የሚተማመን። አብሮት የመጣው መልእክት ደግሞ ከደብዳቤውም ያጥራል፦ «ይህንን ወደ ኢንዶኔዥኛ መልስልኝ። እንዳትቀልድበት፣ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ይሁን።» ዮግያካርታ ተምሬ መመለሴን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የዚያ አገር ወረቀት ሲገጥመው ወደ እኔ ይልካል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰኝ የትምህርት ማስረጃ ወይም የንግድ ውል ስለሆነ፣ ለሳይንስ መጽሔት ዋና አዘጋጅ የተጻፈ ደብዳቤ ሳገኝ ደስ አለኝ።

ጉዳዩ የቡና ነው። ወዳጄ ቡና ከተለቀመ በኋላ ያለውን አያያዝ የሚያጠና ተመራማሪ ሲሆን፣ ከአንዲት ኢንዶኔዥያዊት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ጋር በሱማትራ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአቼ ግዛት በሚገኘው የጋዮ ደጋ ላይ ሠርቷል። የእኛ አገር የታጠበ ቡና ውስጠኛው ስስ ቅርፊት ሳይነሳለት ደርቆ፣ እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው የሚፈለፈለው። ጋዮ ላይ ግን ዝናቡ ፋታ ስለማይሰጥና ገበሬውም ገንዘቡን ቶሎ ስለሚፈልግ፣ ቡናው ገና እርጥብ ሳለ ይሸጣል፤ ነጋዴው እርጥበቱ ከ30 እስከ 35 በመቶ እያለ ይፈለፍለውና እርቃኑን የቀረውን ፍሬ ያደርቀዋል። ይህን አሠራር ጊሊንግ ባሳህ ይሉታል፤ እርጥብ ፍልፈላ ማለት ነው። የሱማትራ ቡና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ መልክና ኮምጣጣነት የጎደለው ወፍራም ጣዕም እንዲኖረው ያደረገው ይኸው አሠራር ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከፍልፈላው በኋላ ያለውን የማድረቂያ ጊዜ አጥንተው ውጤቱን በእንግሊዝኛ በአንድ ዓለም አቀፍ መጽሔት አሳተሙ። አሁን ደግሞ የጽሑፉ ኢንዶኔዥኛ ቅጂ የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የክፍለ ሀገር ኮሌጅ መምህራን በሚያነቡት አንድ የአገር ውስጥ መጽሔት ላይ እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ፍላጎታቸው ከሕጉም ጋር ይሄዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የወጣው የኢንዶኔዥያ ሕግ ቁጥር 24 በአገሪቱ የሚታተም የሳይንስ ጽሑፍ በኢንዶኔዥኛ እንዲሆን ያዛል፤ ለልዩ ዓላማ ሲሆን ብቻ ሌላ ቋንቋ ይፈቅዳል።

ወዳጄ የላከልኝ ደብዳቤ ለመጀመሪያው መጽሔት የጻፈው ነው። የመጽሔቱን ስም ቀይሮ ሌላውን እንዳለ ትቶታል። አራት አንቀጽ አለው። የመጀመሪያው «ጽሑፋችንን ስንልክ ደስታ ይሰማናል» ይላል። ሁለተኛው ጥናቱ በዓይነቱ የመጀመሪያ መሆኑን ይገልጽና የአዘጋጁ አንባቢዎች ለምን ሊያነቡት እንደሚገባ ይከራከራል። ሦስተኛው ጽሑፉ የትም አለመታተሙን፣ ለሌላ መጽሔት አለመቅረቡን፣ ጸሐፊዎቹ ሁሉ መስማማታቸውንና የጥቅም ግጭት አለመኖሩን ያረጋግጣል። አራተኛው መልስ በጉጉት እንደሚጠበቅ ይናገራል።

እንግሊዝኛ በሚሠራበት ዓለም እንዲህ ያለው ደብዳቤ ጠበቃ ነው። አዘጋጁ ብዙ ጽሑፎችን ለገምጋሚ ሳይልክ ስለሚመልስ፣ ደብዳቤው በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ይህንን አትመልሰው» ማለት አለበት። የኢንዶኔዥኛው ስም ሱራት ፐንጋንታር ነው፤ በእኛ ቢሮ ቋንቋ ሸኚ ደብዳቤ የምንለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሮ የሠራ ሰው ሸኚ ደብዳቤ እንደማይከራከር ያውቃል። ምን እንደተያያዘ፣ ከማን እንደመጣና ምን እንዲደረግለት እንደተፈለገ ተናግሮ ዝም ይላል። ክርክሩ በተያያዘው ነገር ውስጥ ነው የሚፈለገው። በየፊናቸው ትክክል የሆኑ ሁለት ልማዶች ናቸው። እንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ብመልሰው ሰዋስዉ ያልተሳሳተ፣ ነገር ግን ቢሮ ገብቶ ሳይቀመጥ መናገር የጀመረ ሰው የሚመስል ደብዳቤ ይወጣ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ደብዳቤውን በሐሳቤ ወደ አማርኛ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መመለስ ነበር። እንግሊዝኛው የሌለው፣ የእኛና የኢንዶኔዥያ ደብዳቤ የሚጋሩት አጽም አለ። እኛ በራስጌው ቁጥርና ቀን፣ ከዚያም «ጉዳዩ፦» ብለን የተሰመረበት አንድ ሐረግ እናስቀምጣለን፤ እነሱም ኖሞር፣ ላምፒራን፣ ሃል ይላሉ፤ ቁጥር፣ አባሪ፣ ጉዳይ ማለት ነው። እኛ ከአድራሻው ሥር «ባሉበት» እንደምንለው እነሱም ዲ ተምፓት ይላሉ። እንግሊዝኛው «ውድ አዘጋጅ» በሚልበት ቦታ እነሱ ደንጋን ሆርማት፣ «በአክብሮት» የሚለውን ሐረግ ለብቻው አስፍረው ኮማ ያደርጉበታል። ደብዳቤው የሚዘጋውም በዚያው ቃል ነው፦ ሆርማት ካሚ፣ «አክባሪዎችዎ» እንደማለት። ይህ ሁሉ ለአማርኛ ጸሐፊ የቤቱ ዕቃ ነው።

አድራሻው ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ልማዱና ደንቡ እዚህ ይለያያሉና። በልማድ የሚጻፈው ከፓዳ ያንግ ተርሆርማት ባፓክ ፐሚምፒን ረዳክሲ ነው፤ በአማርኛ «ለተከበሩት አባት ዋና አዘጋጅ» እንደማለት። የአገሪቱ የቋንቋ ተቋም የሚመክረው ከዚህ ያጠረ ነው። «ያንግ ተርሆርማት» የሚለው አክብሮት በአሕጽሮተ ቃል ከተጻፈ ከፓዳ፣ ማለትም «ለ» የሚለው ቃል፣ ትርፍ ነው። ባፓክ ወይም ኢቡ የሚባለው ደግሞ ከሰው ስም በፊት እንጂ ከሥራ መደብ በፊት አይገባም። መደቡ ራሱ ማዕረግ ነውና። እኔ ደንቡን ተከትዬ አሳጠርኩት። የጽሑፉ ተባባሪ የሆኑት መምህርት ረቂቁን ሲያዩ «ከፓዳን ማውጣትህ መልካም ነው፤ ዲ ተምፓት ግን ይቆይ፤ ከሌለ ደብዳቤው እግር የሌለው ይመስለኛል» አሉኝ። ጽሑፉ የሚላከው በመጽሔቱ ድረ ገጽ በኩል ስለሆነ «ባሉበት» የሚለው የሚያመለክተው ቦታ የለም። ቢሆንም ቆየ።

እንግሊዝኛው አዘጋጁን ሲያናግር በአንድ ቃል ይገላገላል፤ ለንጉሥም ለጎረቤትም ያው ነው። ኢንዶኔዥኛ አንዳ የሚል በ1950ዎቹ ለዚሁ እኩልነት ታስቦ የገባ ተውላጠ ስም አለው፤ በማስታወቂያ፣ በመጠይቅና በማሽን መመሪያ ላይ በደንብ ይሠራል። ለማያውቁት ከፍ ያለ ሰው በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን ይሻክራል። ማንም አይሰደብበትም፣ ማንም ግን አይከበርበትም። ሳውዳራ የሚለው ደግሞ ከላይ ወደ ታች ወይም ለእኩያ ነው፤ ዲን ለተማሪ ሲጽፍ ይጠቀምበታል። የቀረው ባፓክ እና ኢቡ ነው፤ አባትና እናት የሚሉት ቃላት በተውላጠ ስም ቦታ ይገባሉ። አዘጋጁ ወንድ ይሁኑ ሴት ስላልታወቀ በሁለቱ መካከል እዝባር ተደርጎ ይጻፋል። የእኛ «እርስዎ» ይህን ችግር ሳይነካው ያልፋል።

ከዚያ «እኛ» መጣ። ደብዳቤው በ«እኛ» የተሞላ ነው፤ እንግሊዝኛም አማርኛም አንድ «እኛ» ብቻ ስላላቸው ጸሐፊው ሲጽፍ አላሰበበትም። ኢንዶኔዥኛ ግን ሁለት አለው። ካሚ የሚባለው የምናናግረውን ሰው የማይጨምር ነው፤ ኪታ የሚባለው ይጨምራል። «ጽሑፋችንን እንልካለን» የሚለው በካሚ ነው፤ በኪታ ቢጻፍ አዘጋጁን ከጸሐፊዎቹ አንዱ ማድረግ ይሆናል። ይህ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው በሁለተኛው አንቀጽ የነበረው «ስለ እርጥብ ፍልፈላ የምናውቀው ጥቂት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነበር። ይህ «እኛ» ማነው? ጸሐፊዎቹ ብቻ ከሆኑ የራሳቸውን አላዋቂነት እየተናገሩ ነው። ሳይንቲስቱ ሁሉ ከሆነ ኪታ ይገባል፤ ነገር ግን አንድ የውጭ ሰው ያለበት የጸሐፊዎች ቡድን ለጋዮ ሰዎች መጽሔት «እኔና እናንተ ስለ ቡናችሁ የምናውቀው ጥቂት ነው» ሲል ይሰማል። ገበሬው ይህን ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ዓረፍተ ነገሩን ተውላጠ ስም በሌለው ግንባታ አደረግኩት፦ በጉዳዩ ላይ የተጻፉ ጥናቶች ውሱን ናቸው። ኢንዶኔዥኛ መደበኛ ጽሑፍ ተደራጊ ግሥን ይወዳል፤ ያ ልማድ አንዳንድ ጊዜ ድርቀት ቢሆንም እዚህ ላይ ግን አዳነን።

ቁጥሮችንም በዚሁ ላንሳ፤ አጭር ነገር ነው፣ ጉዳቱ ግን ትልቅ። ኢንዶኔዥያ ከደች የወረሰችው አጻጻፍ ከእኛ ተቃራኒ ነው። ሺህን የሚለየው ነጥብ፣ ክፍልፋይን የሚለየው ኮማ ነው። የእንግሊዝኛው ደብዳቤ ጥናቱ በ1,400 ሜትር ከፍታ ላይ መደረጉን ይናገራል። ሳይነካ ቢታለፍ የኢንዶኔዥያ አንባቢ አንድ ሜትር ከአርባ ብሎ ያነበዋል። 1.400 ሆነ። የአገሪቱ የቡና ደረጃ የሚፈቅደው ከፍተኛ እርጥበት፣ 12.5 በመቶ፣ 12,5 ሆነ። በደብዳቤው ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ፤ በጽሑፉ ሠንጠረዦች ውስጥ ግን ብዙ ናቸው። ከኮምፒውተር ስሌት ወጥተው እንደ ሥዕል የተለጠፉ ግራፎች ላይ ያሉት ነጥቦች ደግሞ በፍለጋና በመተካት አይለወጡም። ግራፉን እንደገና ማውጣት ግድ ነው። አንድ ጽሑፍ ለአገሬው አንባቢ ከልብ መዘጋጀቱን ወይም በጥድፊያ መገልበጡን ማወቅ የፈለገ አዘጋጅ መጀመሪያ የግራፉን ቋሚ መስመር ይመልከት።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሦስተኛው አንቀጽ «ይህ ጽሑፍ ከዚህ በፊት በየትም አልታተመም፤ በሌላ መጽሔትም እየታየ አይደለም» ይላል። ኢንዶኔዥኛው በሺህ ደብዳቤዎች ላይ ያለ የታወቀ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እጅ ከልማድ ይጽፈዋል። የመጀመሪያው ግማሽ በሉም የሚለውን «ገና አል-» የመሰለ አፍራሽ ይይዛል፤ «እስካሁን አልታተመም፣ እንዲታተም ግን እንፈልጋለን» የሚል ጥላ አለው። ሁለተኛው ግማሽ ቲዳክ በሚለው ደረቅ አፍራሽ ይሄዳል። ሁለቱን ማቀያየር ብቻ የውጭ ሰው መሆንን ያስታውቃል። እኔ ግን የትኛውንም አልጻፍኩም። ዓረፍተ ነገሩ ለመጀመሪያው መጽሔት ሲላክ እውነት ነበር፤ አሁን እውነት አይደለም። ጽሑፉ ታትሟል።

ለወዳጄ ደወልኩለት። «ኢንዶኔዥኛው እኮ አልታተመም» አለኝ። ይህን ክርክር ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ በቅንነት ነው የሚሉት። የሳይንስ መጽሔት «አልታተመም» ሲል የሚጠይቀው ስለ መረጃውና ስለ ግኝቱ ነው፤ የለበሰው ቋንቋ ልዩነት አያመጣም። ያው መረጃ በሁለት ቋንቋ እንደ ሁለት ግኝት ቢመዘገብ፣ በኋላ የብዙ ጥናቶችን ውጤት የሚደምር ሰው አንዱን ሙከራ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። በዚያ ላይ የጽሑፍ ተመሳሳይነትን የሚፈትሹት ፕሮግራሞች በዋናነት ቃልን ከቃል ስለሚያመሳስሉ ትርጉም በቀላሉ ያልፋቸዋል። አዘጋጁ የሚተማመነው በደብዳቤው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ያንን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ሲያሳልፈው ሐሰቱን በሌላ ቋንቋ የተናገረው እሱ ይሆናል።

መንገዱ ግን ዝግ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ «ሁለተኛ ኅትመት» ለሚባለው ነገር ሁኔታዎችን አስቀምጧል፤ የሕክምና ይሁን እንጂ የሌላው ሙያ መጽሔቶችም ይዋሱታል። የሁለቱም መጽሔቶች አዘጋጆች መስማማት አለባቸው፤ ሁለተኛው አዘጋጅም የመጀመሪያውን ቅጂ ማየት አለበት። የመጀመሪያው ኅትመት ቅድሚያ ይከበራል። ሁለተኛው ለሌላ የአንባቢ ወገን የታሰበ መሆን አለበት። መረጃውና ትርጓሜው ሳይዛነፍ መቅረብ አለበት። አንባቢውም ይህ ሁለተኛ ኅትመት መሆኑንና የመጀመሪያው የት እንደወጣ በግልጽ ማየት አለበት። የወዳጄ ጽሑፍ ከእነዚህ አብዛኛውን ሳያስበው ያሟላል፤ በተለይ የአንባቢው ወገን በእርግጥ ሌላ ነው። የጎደለው ፈቃዱና ግልጽነቱ ነበር።

ስለ ፈቃዱ መጀመሪያ የታየው የእንግሊዝኛው ጽሑፍ የወጣበት የፈቃድ ዓይነት ነው። ጽሑፉ በነጻ ከሚነበቡት አንዱ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ባለቤቱን እስከጠቀሱ ድረስ መተርጎምንና ማሳተምን የሚፈቅደው ዓይነት ነበር። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ለውጥ የተደረገበትን ሥራ ማሰራጨት የሚከለክል ዓይነትም አለ፤ ትርጉም ደግሞ እንደ ለውጥ ይቆጠራል። ደራሲው የባለቤትነት መብቱን ለአሳታሚው አስተላልፎ ከሆነም የራሱን ጽሑፍ ለመተርጎም አሳታሚውን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ብዙ ሰው ይህ ይገርመዋል። የእኛው በሕግ በኩል ነጻ ነበር። ሆኖም ወዳጄ ለመጀመሪያው መጽሔት አዘጋጅ ሁለት መስመር ጽፎ እንዲያሳውቅ አደረግኩ። «ተቃውሞ የለንም፤ ምንጩ ይጠቀስ» የሚል መልስ መጣ፤ ያም መልስ አባሪ ሆነ።

በዚህ ምክንያት ሁለተኛው አንቀጽም ፈረሰ። «በዓይነቱ የመጀመሪያ ጥናት» የሚለው አባባል በኢንዶኔዥኛ ሰፐንገታሁአን ካሚ፣ «እኛ እስከምናውቀው» ተብሎ በወግ ሊቀርብ ይችላል፤ ከባሩአን፣ «አዲስነት»፣ የሚለው ቃልም የአገሬው መጽሔቶች በየመመሪያቸው የሚጠይቁት ነው። ነገር ግን አዲስነቱ የመጀመሪያው ኅትመት ንብረት ሆኗል። ይህ ደብዳቤ መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ያው ነገር ለምን በኢንዶኔዥኛ? መልሱ ደግሞ ማጋነን አይፈልግም፤ ምክሩን በሥራ ላይ የሚያውሉት ሰዎች እንግሊዝኛውን አያነቡትም። ሙሉው ደብዳቤ በመጨረሻ ወደ አማርኛ ቢመለስ እንዲህ ይነበባል።

«በአክብሮት፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጋዮ ደጋ በእርጥብ ፍልፈላ የተዘጋጀ ቡና የማድረቂያ ጊዜን የሚመለከት ጽሑፋችንን እናቀርባለን። ጽሑፉ ከዚህ በፊት በእንግሊዝኛ የታተመው ጥናት የኢንዶኔዥኛ ቅጂ ነው፤ የመጀመሪያው ኅትመትና የአዘጋጁ የስምምነት መልስ በአባሪነት ተያይዘዋል። ቅጂው የተዘጋጀው በመስክ ለሚሠሩ የግብርና ባለሙያዎችና ለመምህራን ታስቦ ነው። በሌላ የኢንዶኔዥኛ መጽሔት አልታተመም፤ እየታየም አይደለም። ጸሐፊዎቹ ሁሉ ይዘቱን ተስማምተውበታል፤ የጥቅም ግጭትም የለም። ባፓክ/ኢቡ ጽሑፉን እንዲመለከቱልን ተስፋችን ከፍ ያለ ነው። ስለሚሰጡት ትኩረትና ትብብር እናመሰግናለን።»

ከእንግሊዝኛው በግማሽ ያጥራል። ወዳጄ ሲያየው ትንሽ ቅር አለው፤ «ሥራችንን አላሞገስክልንም» አለኝ። መምህርቷ ግን ረዘመ ብለው አንዱን ዓረፍተ ነገር ሊያስወጡ ነበር።

የመጨረሻው ምስጋና ውስጥ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው አታስ ፐርሃቲያንኛ፣ «ስለ ትኩረቱ»፣ እያለ ይጽፋል፤ በመጨረሻው ያለው «ኛ» የሚል ድምፅ «የእሱ» ማለት ነው። ደብዳቤው የሚያናግረው አዘጋጁን ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለማይታወቅ ሦስተኛ ሰው ይሆናል። የቋንቋው ሊቃውንት ደጋግመው ይነቅፉታል፤ ቢሮው ሁሉ ደግሞ ደጋግሞ ይጽፈዋል። ትክክለኛው «ስለ ባፓክ/ኢቡ ትኩረት» ማለት ነው። የመጽሔት አዘጋጅ በቋንቋ የሚተዳደር ሰው ስለሆነ እዚህ ላይ ከልማዱ ይልቅ ደንቡን መረጥኩ።

ከሦስተኛው አንቀጽ የወጣ አንድ ነገር ደግሞ ለብቻው ወረቀት ሆነ። በዚያ አገር ብዙ መጽሔቶች «ይህ የራሳችን ሥራ ነው» የሚለውን ማረጋገጫ በሸኚው ደብዳቤ ውስጥ ማየት አይበቃቸውም፤ ሱራት ፐርኛታአን የሚባል የተለየ መግለጫ፣ ቴምብር ተለጥፎበት፣ ይጠይቃሉ። ቴምብሩ መተራይ ይባላል። ቀድሞ የ3.000 እና የ6.000 ሩፒያ ነበር፤ ከጥር 2021 ጀምሮ አንድ ዓይነት ብቻ፣ የ10.000፣ ሆኗል። በኤሌክትሮኒክ መልክም ይገኛል። በወረቀቱ ላይ ሲሆን ፊርማው ግማሹ በቴምብሩ፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ቴምብሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ እንዳይለጠፍ። አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ፈራሚዋ መምህርቷ ሆኑ፤ ወዳጄ ደግሞ ለእሳቸው ውክልና የሚሰጥ አንድ መስመር ፈረመ።

የመግለጫው ቋንቋ ለአማርኛ አንባቢ አስቂኝ በሆነ መልኩ የታወቀ ነው። «እኔ ከዚህ በታች የፈረምኩት» ብሎ ይጀምራል፤ ስም፣ የሥራ ቦታና አድራሻ በኮሎን ተሰልፈው ይወርዳሉ፤ በመጨረሻም «ይህን መግለጫ ያለማንም አስገዳጅነት በእውነት ሰጥቻለሁ» ይላል። የቤት ሽያጭ ውላችን ላይ ያለው ቃል ነው። ይህን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ማን ሊያስገድዳቸው ፈልጎ ነበር ብሎ ይደነግጣል፤ እኔ ግን እንደ ሰላምታ አሳለፍኩት። በዚያ መግለጫ ላይም «አልታተመም» የሚለውን የቅጹን መስመር ሰርዘን «ሁለተኛ ኅትመት ነው» የሚለውን ተካንበት፤ መምህርቷም ከስረዛው ጎን ፈረሙ።

የመጽሔቱ መልስ ሲመጣ ስለ ሁለተኛ ኅትመቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ማጣቀሻ በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ በሁለቱም ቋንቋ ይቀመጥ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የቤቱን አጻጻፍ የሚመለከት ነበር፤ ጋያ ሰሊንግኩንግ ይሉታል። በደብዳቤው ግርጌ የመምህርቷ ስም ከፊትም ከኋላም በማዕረግ ታጅቦ ነበር፤ ከስሙ በኋላ ያለው ማዕረግ በኮማ ይለያል፤ ዶክተር ሲባልም በትልቅ ፊደል ከጀመረ የፍልስፍና ዶክተር፣ በትንሽ ከጀመረ ሐኪም ነው። በጽሑፉ ራስጌ ላይ ግን ማዕረጉ ሁሉ እንዲወጣ ጠየቁ።

ማዕረጉ ሲወጣ የመምህርቷ ስም አንድ ቃል ብቻ ሆኖ ቀረ፤ እንደ ብዙ የጃቫ ሰዎች የቤተሰብ ስም የላቸውም። የመጽሔቱ ሰዎች ይህን ስለለመዱት ምንም አላሉም። የወዳጄን ስም ግን እንደ አውሮፓዊ ገልብጠው የአባቱን ስም አስቀድመውት ነበር። ለእርማቱ በላክሁት መልስ ላይ የእሱም ሁለተኛ ስም የቤተሰብ ሳይሆን የአባት መሆኑን፣ በዮግያካርታ ሰዎች «ባፓክ» ብለው ከራሱ ስም ጋር እንደሚጠሩት ሁሉ እኛም «አቶ» ስንል የራሱን ስም እንደምንጠራ ጻፍኩላቸው። በርዕሱ ሥር አስተካከሉት። በዓመቱ ማውጫ ላይ ግን በአባቱ ስም ተሰድሯል፤ የማውጫው ፕሮግራም ያንን ቦታ ባዶ አይቀበልም አሉኝ።